«ፀሐይ ኃይሉ»ን ፍለጋ፦ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ለአማካሪዋ የጻፈችው ደብዳቤ

የመጀመሪያው ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነበር። «የመመረቂያ ጽሑፌን በዳታቤዝ ፍጥነት ማሻሻያ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ። ዳታቤዝ ለማንኛውም ተቋም አስፈላጊ በመሆኑ ርዕሱ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ይላል። አማካሪዋ ወረቀቱን አልጣሉትም። ግርጌው ላይ በእስክሪብቶ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈው መለሱላት፦ «የዘገየው የትኛው ጥያቄ ነው?»

ተማሪዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት። የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። እኔ እንጀራዬ ዳታቤዝ መሆኑን ስለምታውቅ ወረቀቱን ይዛ ማታ ወደ ቤታችን መጣች። «ጋሼ፣ መምህሩ ጥያቄ ያሉት ምኑን ነው?» አለችኝ። ጥያቄ ያሉት ኩዌሪውን ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ መረጃ ለማውጣት የሚልከውን ትእዛዝ ነው። ዳታቤዝ እንዲሁ በደፈናው አይዘገይም። ሺህ ኩዌሪ በፍጥነት መልሶ አንዱ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ዳታቤዝ አፈጥናለሁ» የሚል ተማሪ ሐኪም ቤት ሄዶ «ታምሜአለሁ» ብቻ ብሎ ዝም እንዳለ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚያመውን ቦታ ማሳየት አለበት።

«አንቺ በዓይንሽ ያየሽው፣ ሰው ያጉላላ፣ የዘገየ ነገር የት አለ?» ስላት ብዙ አላሰበችም። ለተግባር ልምምድ የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትዝ አላት።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሆነው

አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቀርባ ስሟን ትናገራለች፤ ፀሐይ ኃይሉ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ «ጸሀይ ሀይሉ» ብላ ትጽፍና ትፈልጋለች። የለም። «ፀሃይ ሃይሉ» ብላ ትሞክራለች። የለም። ሰልፉ ረዝሟል፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ከስድስት ወር በፊት የተመዘገበው የደም ግፊቷ ታሪክ «ፀሐይ ኃይሉ» በሚለው ካርድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሐኪሙ ዘንድ የሚቀርበው ባዶ ካርድ ነው።

እዚህ ላይ ስሕተት የሠራ ሰው የለም። አማርኛ ከግእዝ የወረሳቸው ሞክሼ ፊደላት አሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በዚያ ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ሲነገሩ አይለዩም። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለው ስም መነሻ ፊደሉ በሁለት፣ መካከለኛው በስድስት ዓይነት ስለሚጻፍ በድምሩ 12 መልክ አለው። «ኃይሉ» 6 መልክ አለው። ሁለቱ ሲጣመሩ አንዲት ሴት በ72 ዓይነት አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው። ጆሮ አንድ የሚላቸውን ኮምፒውተር 72 የተለያዩ ስሞች ይላቸዋል።

የጤና ጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ችግሩን አይቶ መፍትሔ አበጅቶለት ነበር። ፍለጋው ሲካሄድ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ወካይ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፋንክሽን ጻፈ። ሐ እና ኀ ሀ ይሆናሉ፣ ሠ ሰ ይሆናል፣ ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ሰዉ መገኘት ጀመረ። ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ፤ ፍለጋው ተንቀረፈፈ። ተማሪዋ ልምምድ ላይ በነበረችባቸው ሳምንታት ሠራተኛዋ ስም ጽፋ ከጨረሰች በኋላ መልሱ እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ ስትጠብቅ አይታለች።

የዘገየው ጥያቄ ይኸው ተገኘ። እንዲህ ይነበባል፦

```sql
SELECT card_no, first_name, father_name
FROM patients
WHERE norm(first_name)  = norm('ፀሐይ')
  AND norm(father_name) = norm('ኃይሉ');
```

`norm` የተባለው ያ ሞክሼዎችን የሚያቻችለው ፋንክሽን ነው።

ለምን ዘገየ?

ምክንያቱን ለመረዳት ዳታቤዙ መረጃን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ይበቃል። ልምምድ በሠራችበት ቦታ ያለው ፖስትግሬስ የተባለው ነጻ ዳታቤዝ ነው። ፖስትግሬስ መዝገቡን እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፍሎ ዲስክ ላይ ያኖራል። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል። ስሙን፣ የአባትና የአያት ስሙን፣ ስልኩን፣ አድራሻውንና ዳታቤዙ ራሱ የሚጨምረውን ማስታወሻ ደምረን አንድ ታካሚ 160 ባይት አካባቢ ይወስዳል ብንል፣ አንድ ገጽ ላይ 50 ሰው ይሰፍራል። አንድ ሚሊዮን ታካሚ ያለው መዝገብ እንግዲህ 20,000 ገጽ ይሆናል።

ስም ሲፈለግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ 20,000ውን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ነው። ሌላው ኢንዴክስ የሚባለውን ማውጫ መጠቀም ነው። ማውጫው ስሞችን በፊደል ተራ ደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰውየው የሚገኝበትን ገጽ ይጽፋል። አሠራሩ እንደ ዛፍ ነው። ከላይ ያለው አንድ ገጽ ወደየትኛው ቅርንጫፍ መሄድ እንዳለብህ ይነግርሃል፤ ቅርንጫፉ ወደ ቅጠሉ ይመራሃል፤ ቅጠሉ ላይ ስሙ አለ። ለአንድ ሚሊዮን ስም ሦስት ደረጃ ያለው ዛፍ ይበቃል። ፀሐይ ኃይሉ የሚባሉ ስምንት ሴቶች ቢኖሩ ሦስት የማውጫ ገጽና ቢበዛ ስምንት የመዝገብ ገጽ፣ በድምሩ 11 ገጽ ማንበብ ብቻ ያስፈልጋል። በ20,000 ፈንታ 11 ማለት ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ይህ ማውጫ ነበረ። ታዲያ ለምን አልረዳም? ማውጫው የተደረደረው ስሞቹ እንደተጻፉ ስለሆነ ነው። በፊደል ገበታችን ሀ እና ሐ መካከል ለ ይገባል፤ ኀ ደግሞ ከቸ ቀጥሎ ርቆ ይገኛል። ሠ እና ሰን ረ ይለያቸዋል። ኩዌሪው የሚጠይቀው ግን የተጻፈውን ስም አይደለም፤ «ሞክሼዎቹ ከተቻቻሉ በኋላ እንዲህ የሚሆነው ስም የቱ ነው?» እያለ ነው። ማውጫው ይህን አያውቅም። ስለዚህ ዳታቤዙ ማውጫውን ትቶ አንድ ሚሊዮኑን ሰው አንድ በአንድ አንሥቶ፣ ስሙን በፋንክሽኑ አሳልፎ፣ ከተፈለገው ጋር ያመሳክራል። ለእያንዳንዱ ፍለጋ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ፣ ቀኑን ሙሉ።

ይህን በግምት መናገር አያስፈልግም። ከኩዌሪው ፊት `EXPLAIN (ANALYZE, BUFFERS)` ብሎ ማስሄድ ዳታቤዙ የሄደበትን መንገድ እንዲናገር ያደርገዋል። `Seq Scan` የሚል ከታየ መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ተገላብጧል ማለት ነው። `Parallel Seq Scan` ካለም ሥራው ለብዙ ሠራተኞች ተከፋፈለ እንጂ የሚነበበው ገጽ አልቀነሰም። `Rows Removed by Filter` ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር በ`loops` ሲባዛ ተነሥተው የተጣሉትን ሰዎች ብዛት ይሰጣል። ስምንት ሰው ለማግኘት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተነሥቶ ከተጣለ በሽታው ታወቀ።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ከአንድ ሳምንት በኋላ ለአማካሪዋ የሰጠችው ደብዳቤ ይህ ነው። በእሷ ፈቃድ የቦታውን ስም ብቻ አውጥቼ አቀርበዋለሁ።

«ለተከበሩ መምህር፣

ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስለማቅረብ

ባለፈው ላነሡልኝ ጥያቄ አመሰግናለሁ። የዘገየው ኩዌሪ በካርድ ክፍል ታካሚን በስምና በአባት ስም የሚፈልገው ነው። የዘገየበትም ምክንያት ሞክሼ ፊደላትን የሚያቻችለው ፋንክሽን በኩዌሪው ውስጥ ስላለ ዳታቤዙ የስም ማውጫውን መጠቀም አለመቻሉ ነው። ኩዌሪውንና ዳታቤዙ የሄደበትን መንገድ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ።

ርዕሴ «ሞክሼ ፊደላትን አቻችሎ የሚደረግ የስም ፍለጋ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ፦ የሦስት ዘዴዎች ንጽጽር» እንዲሆን እጠይቃለሁ። የማነጻጽራቸው እነዚህ ናቸው። አንደኛው አሁን ያለው፣ ማለትም ፋንክሽኑን በፍለጋ ጊዜ ብቻ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ማውጫውን ራሱን በተቻቻለው ስም ላይ መሥራት ነው። ሦስተኛው ስሙን ሳይነኩ፣ ፋንክሽኑ ሳያስፈልግ፣ ሊኖሩ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ ዘርዝሮ በነባሩ ማውጫ መፈለግ ነው። ለፀሐይ ኃይሉ ዝርዝሩ 72 ይሆናል።

የእውነተኛ ታካሚ መረጃ አልጠቀምም። አንድ ሚሊዮን ሰው ያለው መዝገብ በራሴ ፕሮግራም እፈጥራለሁ። ለእያንዳንዱ ዘዴ የምለካው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ገጽ እንደተነበበ፣ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ፣ እንዲሁም 10,000 አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ ስንት ጊዜ እንደወሰደ። እያንዳንዱን ልኬት 30 ጊዜ ደጋግሜ መካከለኛውን ቁጥር እወስዳለሁ።

ግምቴ ሁለተኛው ዘዴ በስምና በአባት ስም ሲፈለግ በእጅጉ ይፈጥናል፣ በስም ብቻ ሲፈለግ ግን ብዙም አይረዳም የሚል ነው። ልኬቱ ግምቴን ካፈረሰው ያንኑ እጽፋለሁ።

ጥናቴ የፊደል ሞክሼነትን ብቻ ይመለከታል። በላቲን ፊደል የተጻፉ ስሞችን፣ የቅጽል ስሞችንና የአጻጻፍ ግድፈቶችን አይነካም። ሥራውን በ16 ሳምንት ለመጨረስ አቅጃለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት መዝገቡን ለመፍጠር፣ ቀጣዮቹን ስድስት ለልኬት፣ የቀሩትን ለጽሑፍ።

አስተያየትዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።»

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ግን አማካሪው ሊጠይቁ የሚችሉትን ሁሉ አስቀድሞ መልሷል። የዘገየው ምንድን ነው? ለምን ዘገየ? ከምን ጋር ይነጻጸራል? በምን ይለካል? የት ላይ ይቆማል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊሳሳት የሚችል ግምት አስቀምጧል። ሊሳሳት የማይችል ግምት ያለው ደብዳቤ ጥናት እንዲካሄድ አይጠይቅም።

ግምቷ ከየት መጣ?

«በስም ብቻ ሲፈለግ ብዙም አይረዳም» የሚለው ሐረግ አማካሪዋን ቆም አድርጓቸዋል። «ማውጫ ካለ ማውጫ አለ፤ ለምን አይረዳም?» ብለው ሲጠይቋት የሰጠችው መልስ እኔንም ያስደሰተኝ ነው።

እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለንም። ሰው የሚለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ስለዚህ አንዱ ስም ብቻውን ሲወሰድ በጣም ብዙ ሰው ይጋራዋል። አንድ የተለመደ ስም ከመቶ ሰው አንዱ ይዞታል እንበል። ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ 10,000 ሰው ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በተመዘገቡበት ቀን ተራ ስለተቀመጡ በ20,000ው ገጽ ላይ ተበታትነዋል። አንድ ገጽ 50 ሰው ስለሚይዝ ከአሥር ገጽ በአራቱ ገደማ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው በዚያ ስም ይገኛል። ወደ 7,900 ገጽ ማለት ነው። ማውጫው ሰዎቹን በትክክል ይጠቁማል፤ ግን ወደ መዝገቡ ግማሽ የሚጠጋ ገጽ ተገልጦ መነበቡ አይቀርም። ስሙን ከሃያ ሰው አንዱ ቢይዘው ደግሞ ከ100 ገጽ 92ቱ ይነበባሉ፤ ያኔ ዳታቤዙ ራሱ ማውጫውን ትቶ ከዳር ማገላበጥ ይመርጣል፣ ትክክልም ነው።

የአባት ስም ሲጨመርበት ግን 10,000ው ሰው ወደ ጥቂቶች ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን ስሞች አጣምሮ የያዘ ማውጫ ያስፈልጋል፦

```sql
CREATE INDEX patients_norm_idx
  ON patients (norm(first_name), norm(father_name));
ANALYZE patients;
```

ሁለተኛው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይረሳል። `ANALYZE` ዳታቤዙ በተቻቻሉት ስሞች ላይ ናሙና ወስዶ የትኛው ስም ብዙ፣ የትኛው ጥቂት እንደሆነ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ካልተደረገ ዳታቤዙ የተለመደውንም ብርቅዬውንም ስም በአንድ ዓይን እያየ በጭፍን ይገምታል፤ መንገዱንም ሊሳሳት ይችላል።

ሊያሳስቱ የሚችሉ ነገሮች

አማካሪዋ ደብዳቤውን ሲያጸድቁ ሦስት ማሳሰቢያ ጨምረውበታል። ሦስቱም በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የወደቀባቸው ጉድጓዶች ናቸው።

የመጀመሪያው የመዝገቡ አፈጣጠር ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያ የስም ዝርዝር ይዛ ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ በዕጣ እንዲያወጣ ነበር ያሰበችው። እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱ ስም እኩል ዕድል ስላለው እኩል ቁጥር ያለው ሰው ይይዛል። በእውነተኛው ዓለም ግን አንዱ ስም በየመንደሩ አለ፤ ሌላው በከተማው ሁሉ አንድ ሰው ላይ ብቻ ይገኛል። እኩል የተከፋፈለ መዝገብ ላይ የተለካ ነገር የተለመደ ስም የሚያመጣውን ጣጣ ፈጽሞ አያሳይም። ግምቷ የሚፈተነው ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ስሞቹ የተለያየ ክብደት እንዲኖራቸው፣ አጻጻፋቸውም በሞክሼ ፊደላቱ እንዲለዋወጥ አድርጋ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈችው።

የመዝገቡ መጠንም እንዲሁ ነው። በ1,000 ሰው መሞከር ይቀላል፤ ግን 1,000 ሰው 20 ገጽ ብቻ ነው። ሃያ ገጽ ማገላበጥ ማውጫ ከመክፈት ብዙ አይብስም። ዳታቤዙም ማውጫውን ሊንቀው ይችላል፤ ተማሪውም «ማውጫ አይጠቅምም» ብሎ ይደመድማል። ችግሩ የሚታየው መዝገቡ ሲገዝፍ ነው።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ ስለ ልኬቱ ነው። አንድ ኩዌሪ ሁለት ጊዜ ቢሄድ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል። ኩዌሪው ስለተሻሻለ አይደለም፤ ገጾቹ ከዲስክ ወጥተው ማስታወሻ ቋቱ ውስጥ ስለቀሩ ነው። ማውጫ ከመሠራቱ በፊት አንድ ጊዜ ለክቶ፣ ከተሠራ በኋላ አንድ ጊዜ ለክቶ «ይህን ያህል እጥፍ ፈጠነ» የሚል ሰው የለካው ምን እንደሆነ አያውቅም። ለዚህ ነው ተማሪዋ በደብዳቤዋ ከሚሊሰከንድ በፊት የገጹን ብዛት ያስቀደመችው። ሚሊሰከንዱ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር፣ ከጠዋት ማታ ይለያያል። የገጹ ብዛት ግን በእሷ ላፕቶፕም በጤና ጣቢያው አሮጌ ማሽንም ያው ነው። `BUFFERS` የሚለው ቃል ይህንኑ ነው የሚያሳየው፤ `hit` የሚለው ከማስታወሻ ቋቱ የተገኙትን፣ `read` የሚለው ከውጭ የመጡትን ገጾች ይቆጥራል። ሁለቱ ተደምረው የሥራውን ትክክለኛ ክብደት ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ማሳሰቢያ ተማሪዋ ራሷ በኋላ የደረሰችበት ሲሆን ከሁሉም አደገኛው ነው። ፋንክሽኑ እንዲህ ይጻፋል፦

```sql
CREATE FUNCTION norm(t text) RETURNS text AS $$
  SELECT translate(t,
   'ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ',
   'ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ')
$$ LANGUAGE sql IMMUTABLE;
```

ላይኛው መስመር ላይ ያሉት 37 ፊደላት እያንዳንዳቸው በታችኛው መስመር ትይዩአቸው ባለው ይተካሉ። `IMMUTABLE` የሚለው ቃል ለዳታቤዙ የተገባ ቃል ኪዳን ነው፤ «ይህ ፋንክሽን ለአንድ ስም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል» ይላል። ይህ ቃል ከሌለ ዳታቤዙ በፋንክሽኑ ላይ ማውጫ ለመሥራት እምቢ ይላል።

ተማሪዋ መጀመሪያ የጻፈችው ፋንክሽን የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት፣ ሃ እና ኣን፣ ዘንግቶ ነበር። ማውጫውን ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ስሕተቷን አይታ ፋንክሽኑን አረመችው። ማውጫውን ግን እንደገና አልሠራችውም። በማውጫው ውስጥ የተቀመጡት ስሞች በአሮጌው ፋንክሽን የተቻቻሉ ናቸው፤ «ሃይሉ» ብሎ የተመዘገበ ሰው እዚያ ውስጥ አሁንም «ሃይሉ» ነው። አዲሱ ፋንክሽን ግን «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል። ውጤቱ ምን ሆነ? ፍለጋው እጅግ ፈጣን ነው፤ ምንም የስሕተት መልእክት የለም፤ ግን ሰዎች ይጎድላሉ። ካርድ ክፍሉ ከተነሣበት ችግር ላይ ተመልሶ ቁጭ ማለት ነው፤ ያውም አሁን በፍጥነት።

እንዴት አወቀች? በ`SET enable_indexscan = off;` እና በ`SET enable_bitmapscan = off;` ዳታቤዙ ማውጫውን እንዲተው አድርጋ ያንኑ ኩዌሪ አስኬደችው። በማውጫ የመጣው ሰው ብዛትና ያለማውጫ የመጣው አልገጠመም። መድኃኒቱ `REINDEX INDEX patients_norm_idx;` የሚል አንድ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ በጥናቷ ውስጥ አንድ ደንብ ጨመረች፦ ማንኛውም ዘዴ ፍጥነቱ ከመለካቱ በፊት የሚያመጣው መልስ ከዘገምተኛው ዘዴ መልስ ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። የተሳሳተ መልስ ምን ያህል ቢፈጥን ዋጋ የለውም።

ስሙን አትንኩት

አንድ ነገር ጨምሬ ላንሣ። ብዙ ባለሙያ ይህን ችግር ሲያይ አቋራጭ መንገድ ይታየዋል፤ መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ ወደ አንድ ወካይ ፊደል ለውጦ ማስቀመጥ። ማውጫው ይሠራል። ተማሪዋም ይህን አስባ ነበር፤ ከደብዳቤዋ ያወጣችው አማካሪዋ «ስሟን ያለእሷ ፈቃድ ማን ይቀይራል?» ስላሏት ነው።

ሞክሼዎቹ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም በግእዝ ትርጉም ይለያሉ። ሰአለ ማለት ለመነ ነው፤ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው። አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ «ሥላሴ»ን በሠ የጻፈው በምክንያት ነው። በልደት ካርዷ፣ በትምህርት ማስረጃዋና በፓስፖርቷ ላይ ያለው አጻጻፍ ከሆስፒታል መዝገቧ ጋር አለመግጠሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል። ማውጫው ላይ የሚሠራው ዘዴ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። ማቻቻሉ ማውጫው ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፤ ስሙ በመዝገቡ ላይ ባለቤቷ እንደሰጠችው ይቆያል። ዋጋውም የታወቀ ነው። ማውጫው የዲስክ ቦታ ይወስዳል፤ አዲስ ታካሚ በተመዘገበ ቁጥርም አንድ ተጨማሪ ጽሕፈት ይጠይቃል። ካርድ ክፍል ውስጥ ከምዝገባ ይልቅ ፍለጋ ስለሚበዛ ልውውጡ አዋጭ ነው። ቀኑን ሙሉ መረጃ የሚጻፍበት፣ አልፎ አልፎ የሚነበብበት ቦታ ቢሆን ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ላይ የ10,000 ምዝገባ ልኬት የተካተተው ይህን ለማወቅ ነው።

አማካሪዋ በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ የጻፉት «ተፈቅዷል፤ ጀምሪ» የሚል ነው። በመጀመሪያው ወረቀትና በሁለተኛው መካከል የተማሪዋ ዕውቀት በአንድ ሳምንት አልተለወጠም። የተለወጠው የምትመለከትበት ቦታ ነው፤ «ዳታቤዝ» ከሚለው ሰፊ ቃል ተነሥታ አንዲት እናት ስሟን ተናግራ ወደቆመችበት መስኮት ወረደች።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የምለው ይህን ብቻ ነው። በዳታቤዝ ፍጥነት ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ ለአማካሪያችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የዘገየ ኩዌሪ ፈልጉ። `EXPLAIN (ANALYZE, BUFFERS)` ከፊቱ አድርጋችሁ አስኬዱት፤ የተነበበውን ገጽና የተጣለውን ሰው ቁጠሩ። ኩዌሪውንና ያንን ቁጥር ደብዳቤያችሁ መጀመሪያ ላይ አስፍሩት። ቀሪው ደብዳቤ ከዚያ ይጻፋል።